ሰርቭ የሚደርስበት ተራ

ቆላማዋ ገለጉ ከተማ ተመድቤ ከጎጃም የወረድኩ ዓመት፣ እኛ መምህራን ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች ጋር መረብ ኳስ ልንጋጠም ሆነ። ኮሌጅ ሳለሁ ተጫውቼ ስለነበር አምበል አደረጉኝ። ከስድስታችን አንዱ ርዕሰ መምህራችን ነበሩ። ቁመታቸው ሎጋ ነው፤ መረቡ ሥር ሲዘሉ የሚችላቸው የለም። ግን አለቃዬ ናቸው፣ በዚያ ላይ የአባቴ እኩያ። እንዴት አድርጌ ነው የማዛቸው?

ሙቀቱ በረድ ሲል ጀመርን። ሰርቩን፣ ማለትም ኳሱን ከኋላ መትቶ የማስጀመሩን ዕድል፣ ከተጋጣሚ በነጠቅን ቁጥር ሁላችንም በሰዓት አዟዟር አንድ አንድ ቦታ እንሄዳለን፤ ከፊት በቀኝ የነበረው ወደ ኋላ ይወርድና ይመታል። ከፊት በቀኝ የቆሙት እሳቸው፣ ከጎናቸው መሃል ላይ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ገና የመጀመሪያውን ሰርቭ ስንነጥቅ ተራው የእሳቸው ሆነ። እሳቸው ግን ከመረቡ ንቅንቅ አላሉም፤ አንቺ ምቺ ብለው ኳሱን ወረወሩልኝ። እምቢ ማለት ከበደኝና መታሁ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ያለ ተራ ስለተመታ ነጥቡም ሰርቩም ለጤና ጣቢያ ሄደ።

ዳኛው እሳቸውን ከኋላ በቀኝ፣ እኔን ከፊታቸው አቆመን። ኳሱ እስኪመታ ድረስ የኋላ ተጫዋች ከፊተኛው ቀድሞ መረቡ ዘንድ መቆም አይችልም፤ ከተመታ በኋላ ነው እንደ ልብ መሮጥ። እሳቸው ግን አላስቻላቸውም፤ ኳሱ ሳይመታ አልፈውኝ ሄዱ። እንደገና ፊሽካ፣ እንደገና ነጥብ። የኒም ዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጡት ተማሪዎቻችን ሳቁ።

ቀጣዩን ኳስ እኛ አገባንና ዞርን፤ ሰርቩ ለእኔ ደረሰ፣ እሳቸው ወደ ኋላ መሃል ሄዱ። ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ። እረፍት ጠየቅኩና ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ዙሩ ተመልሶ እርስዎ ጋ ይመጣል። ያኔ የሚመቱት እርስዎ ነዎት።»

ውሃ ጠጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሰርቭ አልችልም።»

ከላይ ሲመቱት ኳሱ ወይ መረብ ላይ ይቀራል ወይ አጥር ይሻገራል አሉኝ። ተማሪ ፊት ማፈሩን ፈርተው ነው። እኔ ደግሞ ኩራት መስሎኝ ነበር። ሆዴ ራራ። ከሥር በጡጫ መምታትም እንደሚፈቀድ ነግሬ፣ ክንዴን አወዛውዤ አሳየኋቸው።

ተራው ዞሮ ሲመጣ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ኋላ ወረዱ። ኳሱን ከሥር መቱት፤ እየዋለለ ወጣና መረቡን ለትንሽ አለፈ። ሁለት ነርሶች አንቺ ያዢው፣ አንቺ ያዢው ሲባባሉ መሃላቸው አረፈ። ተማሪዎቹ በጭብጨባ ግቢውን አናጉት፤ እሳቸው አቀርቅረው ፈገግ አሉ።

ጨዋታውን ጤና ጣቢያ አሸነፈ። በማግስቱ ግን በእረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ኳስ ይዘው ብቻቸውን ሜዳ ላይ ነበሩ። ዛሬም ድረስ የሚመቱት ከሥር ነው። ግጥሚያ ባለ ቁጥር ቦታውን የሳተ መምህር ካዩ ከዳኛው በፊት ጠርተው የሚያርሙት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም አይምሩኝም።