ሦስቴ ያደናቀፈ ይወጣል

በማተሚያ ቤቱ «መቀስ» ይሏታል። ከኋላዋ ነው የሚሏት፤ እሷም ታውቃለች፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስታርም ኖራለች፤ ረቂቅ በዓይኗ ብቻ አርማ ግን አታውቅም። «ዓይን አድርባይ ነው፣ ያላየውን አየሁ ይላል» ትላለች። በሯን ዘግታ፣ እርሳሷን ጨብጣ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። ትንፋሽ ያጠራት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ትከፍላለች። አንድ ቃል ደጋግሞ ጆሮዋን ከመታት ክብ ታደርግበታለች። ምላሷ ሲደናቀፍ ከዳር ጭረት አድርጋ እንደገና ታነባለች። ሦስተኛም ካደናቀፋት፣ አለቀለት፣ ይወጣል።

ሌላም ደንብ አላት። አንዴ ያልታረመ ረቂቅ በስህተት ታትሞ ጉድ ስለሠራቸው፣ ንጹሑ ቅጂ ሲያልቅ አሮጌውን ራሷ ወረቀት የሚበጣጥሰው ማሽን ውስጥ ትከተዋለች።

ታናሽ ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ምን እንደነካው እንጃ፣ ሕይወቱን በሦስት ደብተር ጻፈ። «እትዬ፣ እስኪ እይልኝ» ባላት ቁጥር «እሺ የኔ ጌታ፣ ይቺን ልጨርስና» ትለዋለች። የባዕድ መጽሐፍ መቼ አልቆ! አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ልቡ ቆመችና እሷ ሳታይለት ሞተ።

በወሩ ደብተሮቹን ይዛ ቢሮዋ ገባች። በደንብ አርማ ልታሳትምለት ማለች፤ ያለፈውን ሁሉ በዚህ ልትክስ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ከዚያ በኋላ» የሚል ዘጠኝ ቦታ አገኘች። ከዚያ በኋላ ጋራዥ ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ አለቃዬ ጠራኝ፤ ከዚያ በኋላ ዘይት ለወጥኩ። «ወይ ወንድሜ፣ በየፌርማታው ትቆማለህ!» ብላ ሳቀች፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ስምንቱን ሰረዘች። «ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ ወጥቼ፣ ቆልፌ፣ ተመልሼ ቁልፉን አይቼ» እያለ ትንፋሽ የሚያሳጣውን ቆራረጠችው። በ«ነበር» ተጀምሮ በ«ነበር» የሚያልቀውን አንቀጽ አለዘበችው። እጇ ሥራ ሲይዝ ኀዘኑ ይርቅላታል፤ ስለዚህ አላቆመችም።

ሁለተኛው ደብተር ላይ ዝናብ የጣለበት ቀን ነበር። እናታቸው በጠና ታማ፣ እሱ ሰው የሞላ አውቶቡስ ከመስመሩ አውጥቶ ሐኪም ቤት ያደረሳት ቀን። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች፦

«እናቴ ከኋላዬ ናት። ዞሬ ማየት ፈራሁ። በመስታወቱም ማየት ፈራሁ። መንገዱን ብቻ አየሁ፣ መንገዱን ብቻ...»

አደናቀፋት። ጭረት አደረገችና እንደገና አነበበች። እዚያው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሦስተኛም እንዲሁ።

እዚያው ቢሮ ጥግ ተቀምጣ የታረመውን ከደብተሩ እየተቀበለች የምትተይበው ልጅ ቀና አለች። «እቴቴ፣ እሱስ ባይነካ?»

«ሦስቴ አደናቀፈ እኮ። ደግሞ ፈራሁ፣ ፈራሁ፤ መንገዱን፣ መንገዱን። ድግግሞሽ ነው።»

አንቀጹን በሙሉ ሰረዘችና በላዩ «በዚያ ዝናብ እናቴን ሐኪም ቤት አደረስኳት» ብላ ጻፈች። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምላስ አይዝም። ንጹሑ ቅጂ ሲያልቅም እጅ ልማዱን ሠራ፤ ደብተሮቹ ከሌላው ረቂቅ ጋር ማሽኑ ውስጥ ገብተው ተበጣጠሱ።

መጽሐፉ ወጣ። የመጀመሪያውን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷ ዓይናቸው ፈዟል፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጆሯቸውን ሰጧት። ንባቡ እንደ ውሃ ወረደላት፤ አንድም ቦታ አላደናቀፋትም። በልቧ ኮራች። ሐኪም ቤቱ ጋ ስትደርስ እናቷ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ዘለልሽብኝ።»

«አልዘለልኩም እማዬ።»

«ዘለሻል እንጂ! የፈራውን የት አደረግሽው? በጻፈ ቁጥር እየመጣ ያነብልኝ የለ! እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ እምቢ ይለዋል። ውሃ ይጠጣና ‹ከዚያ በኋላ› ብሎ ይቀጥላል።»

መጽሐፉ ከጉልበቷ ተንሸራተተ። እሱም እዚያው ላይ ይደናቀፍ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ምንም አልሆነም፤ የተሰበረው የእሷ ጉሮሮ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ያዳመጠ ጆሮ የገዛ ልቅሶውን መለየት አቃተው። ስንት ሰው እንዲህ ሰርዛ ይሆን?

በቃሏ ልትወጣው ሞከረች። «እናቴ ከኋላዬ ናት... ማየት ፈራሁ... መስታወቱን...» መንገዱ ቀደመ ወይስ መስታወቱ? ጠፋባት። የቀረው ቃል ሁሉ የራሷ ሆነባት።

«ተይው፣ እንዲህ አልነበረም» አሉ እናቷ፣ ሳይቆጡ። «ደብተሩን አምጪና ከእሱ አንብቢልኝ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም፣ እጠብቅሻለሁ።»