ፊት የሌለበት የቀሚስ ፎቶ

በስልኬ የሠርግና የልደት ፎቶ እያነሳሁ ገንዘብ ማግኘት በጀመርኩበት ዓመት፣ ቆቦ ገበያ አጠገብ ልብስ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ጠሩኝ። አዲስ የገቡትን ቀሚሶች አንስቼ ፌስቡክ ላይ እንድለጥፍላቸው ፈልገው ነበር። ቀሚሶቹን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳነሳቸው የተንጠለጠለ ጆንያ መሰሉ፤ በአምፖሉ ብርሃን ደግሞ ቀዩ ብርቱካናማ ሆነ።

«ሰው ቢለብሰው ይሻላል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «እኔ እለብሰዋለሁ። ፊቴን ግን እንዳታወጪው።»

ፀሐይ የማይመታው በረንዳ ላይ አቁሜ ከአንገት በታች አነሳኋቸው። ቀሚሱ አማረባቸው። አምስተኛውን ለብሰው ሳለ አንዲት ጎረቤት «ሙሽሪት!» ብላቸው አለፈች። ሲስቁ ስልኩን ቀና አድርጌ ኖሮ ፊታቸው ፎቶው ውስጥ ገባ።

ይቅርታ ጠይቄ ላጠፋው ስል አዛውንቱ ስልኩን ተቀበሉኝና ፎቶውን አተኩረው አዩት።

«ስንጋባ ፎቶ አንሺ አልነበረም» አሉ። «ይቺን አትለጥፊያት። ለእኔ አሳጥቢልኝ።»

«በስተርጅና!» አሉ ባለቤታቸው በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፍነው። አጥፊው ግን አላሉኝም።

በማግስቱ አሳጥቤ ሰጠኋቸው፤ ፊት የሌለባቸውን ደግሞ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩላቸው። ከዋጃ ከተማ ሳይቀር ስለ ቀሚሶቹ ይደወልላቸው ጀመር። አዛውንቱ ግን ሱቃቸው በሄድኩ ቁጥር ከደረት ኪሳቸው እያወጡ የሚያሳዩኝ ያቺኑ ፎቶ ነበር።