ሳሙና ሳሙና የሚለው ኬክ

ጅግጅጋ ውስጥ ከአንዲት ሶማሌ ጓደኛዬ ጋር ጠባብ ኬክ ቤት ከፍተን ነበር። እሷ ታቦካለች፣ ዕቃ ታጥባለች፤ እኔ ኦቨኑ ላይ ነኝ። ትእዛዝ መስጠትም ይቀናኝ ነበር፤ ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

አንድ ሰሞን የካካዎ ኬካችን ኩፍ አልል አለ። ቀለሙ ከወትሮው ጠቁሮ ያምራል፣ ሲቆረጥ ግን ድፍን ነው፤ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንዲት ደንበኛ ለልጇ ልደት የወሰደችውን መልሳ አመጣችና «ትሪያችሁን አታለቀልቁም እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። ዞር ብዬ ጓደኛዬን እዚያው ሴትዮዋ ፊት «ስንቴ ልንገርሽ?» አልኳት። ሽርጧን ፈትታ ሄደች። በማግስቱም አልመጣችም።

ትሪውን ራሴ አጠብኩት፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። ኬኩ ያው ሳሙና። ማስነሻው ቤኪንግ ሶዳ አንሶ ይሆናል ብዬ ጨመርኩበት፤ ባሰበት። ዱቄት ቀየርኩ፣ ውሃውን ጠረጠርኩ፣ ኦቨኑን ሰደብኩት። ግራ ገባኝ። የቀረኝ ካካዎው ነበር፤ እሱ ግን በቅርቡ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ የመጣ፣ ከድሮው የጠቆረ፣ ሲያዩት ውድ የሚመስል ነው። እንዴት ልጠርጥረው? ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍም ዐረብኛ ነው። ዐረብኛ የምታነበው ደግሞ እሷ ናት።

አዲሱን ጣሳና የድሮውን ትራፊ ይዤ፣ ልቤ እየፈራ ቤቷ ሄድኩ። በእርጋታ ተቀበለችኝ፤ ጣሳውን አገላብጣ አነበበች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ይሄ በአልካሊ የታሸ ነው ይላል። መኮምጠጡን አጥፍተውለታል።»

«ካካዎ ደግሞ መች ይኮመጥጣል? ይመራል እንጂ።»

«ቅመሽዋ።»

ቀመስኩ። የድሮው ከምሬቱ ኋላ ኮምጠጥ ይላል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሳላስተውለው። አዲሱ ለስላሳ ነው። እሷ ሁለቱን በየብርጭቆው ለብ ባለ ውሃ በጥብጣ ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ሶዳ ጣለችባቸው። የድሮው አረፋ አወጣ። አዲሱ ዝም አለ።

«ሶዳ የሚነሳው ኮምጣጣ ሲያገኝ ነው። ለሆዴ በሎሚ ስጠጣው አላየሽም? ካላገኘ ኬኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳሙና ሳሙና ይላል። ለዚህኛው ቤኪንግ ፓውደር አድርጊ፤ እሱ ኮምጣጣውን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። በሶዳው ፈንታ ሦስት እጥፍ።»

እውነቴን ነው፣ ግማሹ አልገባኝም። እንደ ሸክላ ቀላ ያለው የድሮው ካካዎ ሶዳውን ሲያስነሳ፣ ያማረው የጠቆረው ሲያስተኛው፣ ዛሬም ይገርመኛል።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንብቢልኝ አላልሽኝም። ትሪ እጠቢ ነው ያልሽኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ተመለሰች። በፓውደሩ ኬኩ ኩፍ አለ፣ ደንበኛዋም ተመልሳ መጣች። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያጠበችውን እያንዳንዱን ትሪ አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ እስካሸት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ተይ ብላት አልተወችም።