ሞተር ብስክሌት መንዳት የሚችል ሒሳብ ሠራተኛ

እስከ ዛሬ ድረስ ሞተር ብስክሌት ባጠገቤ ሲያልፍ ደሜ ይፈላል። ሞተሩ ምንም አላደረገኝም። ያናደደኝ መሥሪያ ቤታችን ያወጣው አንድ የሥራ ማስታወቂያ ነው።

ያኔ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ ነበርኩ። ዋናው ቢሮ ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ። የሞጣው ሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ለቀቀና ባሕር ዳር ገባ። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝና «የሥራ መዘርዝሩን ጻፊና ማስታወቂያ እናውጣ። ልክ እንደሱ ያለ ሰው ፈልጊልን» አሉኝ።

እንደሱ ያለ! በኛ ቤት ልማዱ ይኸው ነበር። ሰው ሲለቅ የሚፈለገው ሥራውን የሚሠራ ሳይሆን የለቀቀው ሰው መንታ ነው። የድሮዋ ጸሐፊ እንግሊዝኛ ትችል ስለነበር፣ በእንግሊዝኛ አንድ ደብዳቤ ተጽፎ በማያውቅበት ቢሮ እንግሊዝኛ የማትችል ጸሐፊ አትገባም ተብሎ ወንበሩ ስንት ጊዜ ባዶውን ከረመ። የድሮው ዘበኛ ወታደር ስለነበር ቀጣዩም ወታደር ይሁን ተባለ። የምንጠብቀው ማዳበሪያ ነው፣ ድንበር አይደለም።

በዚህኛው ግን እንቢ አልኩ። ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ተቀመጥን። ፊቱ የማይፈታ፣ ለቀልድ የማይመች ሰው ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። መጀመሪያ ሰውየውን እርሳውና ሥራውን ንገረኝ አልኩት። እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፦ የገቢና የወጪ ሰነዶችን ትክክለኛነት ማረጋገጥና መመዝገብ፣ በየወሩ የባንክ ሒሳብን ከመዝገባችን ጋር ማስታረቅ፣ የደመወዝ መክፈያ ማዘጋጀትና ግብርና ጡረታውን አስልቶ መቀነስ፣ የጀማሪዋን ሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ማረም፣ ለኦዲተር ሰነድ አሟልቶ ማቅረብ። ገንዘብ መያዝ የገንዘብ ያዧ ስለሆነ አላስገባነውም። ክፍያ ማጽደቅም የኃላፊው የራሱ ነው።

ከዚያ ወደ መስፈርቱ ሄድን። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የማነሳው፦ ይህ የሌለው ሰው ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው ያቅተዋል? መልስ ከተገኘ «ግዴታ» ከሚለው ርዕስ ሥር ይገባል፤ ካልተገኘ «ቢኖር የሚመረጥ» ከሚለው ሥር። በሒሳብ አያያዝ ዲግሪና ሁለት ዓመት ልምድ ወይም ዲፕሎማና አራት ዓመት፣ ግዴታ። የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ስንደርስ ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ።

«እሱን አጠገቡ ተቀምጬ አሳየዋለሁ። ባንክ ማስታረቅ ለማያውቅ ግን እኔ አስተማሪ አይደለሁም» አለ። ሶፍትዌሩ ከሚመረጡት ሥር ገባ።

የቀረው ሞተር ብስክሌቱ ነበር። የለቀቀው ልጅ መንዳት ስለሚወድ እየዞረ ከየአባል ማኅበራቱ ሰነድ ይሰበስብ ነበር፤ ሰነዱን ማምጣት ግን የማኅበራቱ የራሳቸው ግዴታ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሞተሩስ?» ብለው ደጋግመው ስለጠየቁ ከሚመረጡት መጨረሻ ላይ አስቀመጥነው። ግዴታውን ያሟሉ ሁለት ሰዎች እኩል ከወጡ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ኃላፊውም እኔም ፈርመን አስረከብን።

ምዝገባውን ለማየት ሞጣ ወረድኩ። አውቶብሱ ደብረ ወርቅ ላይ ለምሳ ቆሞ ስላረፈደ፣ ቅርንጫፉ ስደርስ በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። መዝጋቢ ሆኖ የተመደበው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። ፊት ለፊቱ በክራንች የቆመች ሴት ማስረጃዎቿን ደረቷ ላይ ይዛለች። አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዝላትም። ዲፕሎማ አላት፣ በወረዳው ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ስትሠራ ከአራት ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ኮንትራቷ ስላለቀ ግን ያን ሰሞን ሥራ ፈት ነበረች። እናቷን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

«አልመዘግብሽም አልሁሽ። አታነቢም እንዴ?» ይላታል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። የጻፍኩት አልነበረም። ሁለቱ ርዕሶች የሉም፤ ሁሉም «ተፈላጊ መስፈርት» በሚል በአንድ ላይ ተደፍጥጦ፣ መጨረሻው ላይ «ሞተር ብስክሌት መንዳት የሚችልና መንጃ ፈቃድ ያለው» ይላል። ኋላ እንዳጣራሁት ሥራ አስኪያጁ ለታይፒስቷ «በአንድ ገጽ አድርጊው፣ አሳጥሪው» ብለዋት፣ እሷ ደግሞ ርዕስ ቀነሰች።

«ለመሆኑ ሞተሩ የት አለ?» አልኩት መዝጋቢውን።

በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተኝ። ዳሱ ሥር የፊት ጎማው የወለቀ ሞተር ተጋድሟል፤ መቀመጫው ላይ የዘበኛው ዶሮ ተኝታበታለች። ሥራ የለቀቀው ልጅ ገደል ከቶት ሳይጠገን እዚያው ቀርቷል። የሌለ ሞተር የሚነዳ ሒሳብ ሠራተኛ እየፈለግን ነበር።

ወደ ቢቸና ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ «ማስታወቂያ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ላንዲት ምስኪን ብለን አንለውጥም» አሉኝ። ምስኪን የምትለዋ ቃል አንጀቴን አሳረረችው። ስልኩን በጨዋነት መዝጋቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ሴትዮዋ ግን አላለቀሰችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቅሬታዋን በእጇ ጻፈችና ሰጠችኝ።

«እታለም፣ እኔ እዘኑልኝ አላልሁም። ፈትኑኝ ነው ያልሁ» አለችኝ።

የቅጥር ኮሚቴው ቅሬታዋን ለማየት ቢቸና ላይ ሲቀመጥ ድምፄን መቀነስ አቃተኝ። ሞተሩ ያለበትን ሁኔታ ተናገርኩ፤ የሠራተኛ ተወካዩ ሳቀ፣ ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም። «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። ያኔ ያ ፊቱ የማይፈታ የፋይናንስ ኃላፊ የፈረምንበትን ቅጂ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ የፈረምሁት ሁለት ርዕስ ያለው ላይ ነው። ይኸ የተለጠፈው የኔ አይደለም። በዚህ ተቀጥሮ ለሚመጣ ሰው እኔ ኃላፊነት አልወስድም» አለ።

ማስታወቂያው ተሰረዘና እንደተጻፈው ሆኖ እንደገና ወጣ። ሴትዮዋ ተመዘገበች። ፈተናው የተዛባ የባንክ ሒሳብ አስታርቆ ማሳየት ነበር። መንጃ ፈቃድ ያላቸውም ተፈተኑ። እሷ በሰፊ ልዩነት አንደኛ ወጣች፤ የሚመረጠውን ማየት እንኳ አላስፈለገም።

ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ሥራ አስኪያጁ እኔን አስከትለው ሞጣ ድረስ መጥተው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። እሷን አስነሡና በለሰለሰ ድምፅ «ይችን እኅታችሁን ችግሯን አይተን፣ አስተያየት አድርገንላት ነው የቀጠርናት። እናንተም አግዟት» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን አጣጥፌ ጥርሴን ነከስኩ።

እሷ ክራንቿን አስተካከለች። ከሥራ ውሏ ጋር የሰጠኋትን የሥራ መዘርዝር ከቦርሳዋ አወጣችና ዘረጋችላቸው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራዬ ይኸው ተጽፏል። ከዚህ ውስጥ በእግር የሚሠራውን ያሳዩኝ፤ እሱን ብቻ በአስተያየት ይለፉኝ።»

ጭብጨባው ቆመ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሏትና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ያን ወረቀት ሲያነቡት ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።