የማንሳ የታጠፈ ሻሽ

በኬፕ ኮስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራባ ኤሹን የምትታወቀው «መሀል ሰፋሪ» በሚል ቅጽል ነበር። ስሙን ያወጣላት የክፍል ጓደኛዋ ኤኮው ነው። አራባ የድርሰት ፍጻሜ ሲጠየቅ «እንዲህም ሊሆን ይችላል፣ እንዲያም ሊሆን ይችላል» ብላ፣ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለችና። ዛሬ ግን መቀመጥ አይበጅም፤ መምህርት አሚሳ በኤልሚና ከተማ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር አንድ ተናጋሪ ይመርጣሉ።

የተነበበው አጭር ልብ ወለድ ነው። ማንሳ ባሏን ማዕበል ከወሰደባት ወዲህ ከባሕሩ ዳር አትለይም፤ ጀልባ በመጣ ቁጥር ሮጣ የቀዛፊዎችን ፊት ትመለከታለች። በመጨረሻው ገጽ፣ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ አንዲት ጀልባ እንደ ወትሮው የቀዛፊዎች ዘፈን ሳይሰማባት ትመጣለች። ማንሳ አልሮጠችም። ሻሿን ፈታ አጠፈችና ወደ ውኃው ወረደች። ታሪኩ እዚያ ያበቃል።

«ባልየው ተመልሷል!» አለ ኤኮው ቆሞ። «አራባ ደግሞ ሁለቱንም ልትለን ነው።»

ክፍሉ ሳቀ።

«ዝም በሉ!» አሉ መምህርት አሚሳ። «ተነሺ ልጄ።»

አራባ ተነሣች። «የኤኮው ንባብ ከንቱ አይደለም» አለች በቀጭን ድምፅ። «ማክሰኞ የባሕር ዕረፍት ነው፣ ማንም አያጠምድም። ቀዛፊዎቹ ዝም ያሉት ደንቡን መጣሳቸው አስፈርቷቸው ሊሆን ይችላል። ማንሳ ያልሮጠችው ባሏን ከሩቅ ስላየችው፣ ሻሹን የፈታችው ርሶባት ልታደርቀው ይሆናል።»

«አላልኳችሁም?» አለ ኤኮው። «መሀል ሰፈረች!»

«ቆይ እንጂ፣ ወንድሜ! አልጨረስኩም።» ድምፁ ከራሷ አፍ መውጣቱ አስደነገጣት። «ማክሰኞ ጀልባ የሚወጣው የጠፋ ሰው ለመፈለግም ነው። የሞተ ሰው ይዞ የሚመለስ ደግሞ አይዘፍንም። እስከዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው። እኔ ግን ሞቷል እላለሁ። ማንሳ ከዚህ በፊት ሻሿን ፈታ ያጠፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ገጾች አባቷ ሲቀበር። ሰው ለማድረቅ ሻሽ ይዘረጋል እንጂ አይታጠፍም። ደራሲው ጀልባዋን ከባሕሩ ዳር ሳያደርስ ስላቆመ ርግጠኛ ነኝ አልልም። ግን የኤኮው ንባብ የታጠፈውን ሻሽ ሜዳ ላይ ይጥለዋል፤ የእኔው ያነሣዋል።»

ኤኮው መጽሐፉን ገልጦ የቀብሩን ገጽ ፈለገ፣ አገኘው፣ ደግሞ አነበበው።

«ተስፋዬን አልጥልም፤ ተመልሷል» አለ በመጨረሻ።

«አትጣል፣ ለሻሹ ግን መልስ ፈልግለት» አለችው።

መምህርት አሚሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለቱን በሮች ከፍታ፣ በአንዱ ገባች። ኤልሚና የምትሄደው እሷ ናት።»

አራባ ወደ ቤቷ ስትመለስ እናቷ የዓሣ ማጨሻው ምድጃ ዘንድ ነበሩ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ቀና ብለሽ የምትሄጂው?» አሏት።

አራባ ሳቀች። አንገቷን አልደፋችም።