ሦስት መቶ ጥሪ

እናቴ እንግዳ አትቆጥርም። ቤታችን ድግስ በነበረ ቁጥር «ስንት ሰው መጣ?» ብሎ የጠየቃት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «የመጣው ሰው ነዋ የመጣው።» ሰው መቁጠር ነውር ነው፣ በረከት ያሸሻል ብላ ታምናለች። እንዲህ ያለች ሴት የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ስትሆን ማስታወቂያዋን የሚጽፍላት ሰው ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም። ያ ሰው እኔ ነኝ።

አዳራሹ ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ያላትን ሁሉ አሟጥጣ አሠራችው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ከሰኞ እስከ አርብ ክፍል ውስጥ እጮሃለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእናቴ ጸሐፊ፣ ፎቶ አንሺና ስልክ ተቀባይ ነኝ። ደሞዝ የለውም። ቁጣ ግን ሞልቷል።

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ያዘጋጀነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወንበሮቹን በክብ ጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ደርድሬ፣ መጋረጃውን ከፍቼ ፎቶ አነሳሁ። በከተማው ያሉትን የሌሎች አዳራሾች ማስታወቂያ አይቼ ስለነበር ተናድጄ ነበር። ሁሉም «ሰፊና ዘመናዊ» ነው። ሁሉም «የማይረሳ ቀን» ነው። የትኛው ምሰሶ እንዳለው፣ የትኛው ውኃ እንደሌለው የሚናገር የለም። እኔ የምጽፈው እውነቱን ብቻ እንዲሆን ለራሴ ማልሁ። ከየፎቶው ሥርም እንዲህ ጻፍኩ፤

«ዋናው አዳራሽ። መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም፤ ከየትኛውም ወንበር ሙሽሮቹ ይታያሉ።»

«ጓሮው። ሣር ነው። ድንኳን ይተከልበታል፤ መኪና ግን አይገባበትም፣ ማቆሚያው በፊት ለፊት ነው።»

«ኪራዩ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጄኔሬተርና ውኃ ይጨምራል። ምግብና ዲኮር አይጨምርም፤ የራስዎን ያመጣሉ።»

«ቀን ለማስያዝ፦ መጀመሪያ ይደውሉ፣ ቀኑ ክፍት መሆኑን ይጠይቁ። ከዚያ መጥተው ይዩት። ከወደዱት ቀብድ ከፍለው ውል ይፈርማሉ። ቀብድ ያልተከፈለበት ቀን የማንም አይደለም።»

በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እናቴ ሳቀች፤ ወደደቻትም። የተጣላነው በዋናው አዳራሽ ፎቶ ላይ ነው። ስንት ሰው እንደሚይዝ መጻፍ ነበረበት። በጠረጴዛ ሲደረደር ሦስት መቶ፣ ጠረጴዛው ወጥቶ ወንበር ብቻ በረድፍ ሲሆን አራት መቶ ይይዛል። «በጠረጴዛ ሦስት መቶ ሰው» ብዬ ስጽፍ እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ሰው ብለሽ አትጻፊ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ሦስት መቶ ምን?»

«ጥሪ በይ። ሰው ሁሉ የሚለው ጥሪ ነው። ‹ስንት ጥሪ ነው?› ይላል እንጂ ሰው እንደ በግ ይቆጠራል?»

እውነቷን ነው፤ በሠርግ ወሬ ሰው ሁሉ ጥሪ ይላል። ግን ጥሪ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ወንበር ላይ አይቀመጥም አልኳት። አልሰማችኝም። አዳራሹ የእሷ፣ ነውሩም የእሷ ነው። «እስከ ሦስት መቶ ጥሪ ያስተናግዳል» ተብሎ ወጣ፤ በቴሌግራምም በፌስቡክም።

ከደወሉት ውስጥ አንዱ የአረካ ዝንጅብል ነጋዴ ነበር። የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሊድር ነው። እንደተጻፈው ሁሉ አደረገ፤ ደወለ፣ ጠየቀ፣ መጥቶ አየ፣ ጓሮውን ዞረ፣ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ሰማ፣ ቀብድ ከፍሎ ፈረመ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ብርቅ ነው። ደስ አለኝ።

ለሠርጉ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የጥሪ ካርዱን ይዞልን መጣ። ለእናቴና ለእኔ ነው፤ ባለአዳራሽም ይጠራል ብሎ። በወርቅማ ቀለም የታተመ፣ የሚያምር ካርድ ነው። ከስማችን በታች «ከነቤተሰብዎ» ይላል።

«ጋሼ፣ ስንት ካርድ ነው ያሳተሙት?»

«ሦስት መቶ ነዋ። እናንተው ብላችኋል። አንድም አላሳለፍኩም።»

«ሁሉም ‹ከነቤተሰብዎ› ይላል?»

ያበድኩ መስሎት አየኝ። «ታዲያ ሰውየውን ጠርቼ ሚስቱን ቤት ተቀመጪ ልበል? ከገሱባ የሚመጡት ዘመዶች ሙሉ ሚኒባስ ናቸው። ለእነሱ የሰጠሁት አንድ ካርድ ነው።»

እናቴ የያዘችውን ካርድ ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔ እንደምንም ብዬ አዳራሹ በጠረጴዛ የሚይዘው ሦስት መቶ ወንበር መሆኑን፣ የእሱ ሠርግ ግን ቢያንስ እጥፉ መሆኑን ነገርኩት። ሰውየው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እህቴ፣ ካርዱ ተበትኗል» አለኝ። «ሌላ አዳራሽ በዚያ ቀን የለም፤ ከእናንተ በፊት ዞሬ አይቻለሁ። የልጄ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ቢውል፣ እኔ አረካ ገበያ እንዴት ብዬ እቆማለሁ? አዳራሽዋ ትበቃለች ብላችሁ ጻፋችሁ። አምኜ መጣሁ።»

«አምኜ መጣሁ» የሚለው አነደደኝ። ሌሎቹ ሁሉ ሲዋሹ እኔ እውነት እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ እናም ያመነኝን የመጀመሪያውን ሰው አሰናክለነው ቁጭ አልን። ቀብዱን መልሶ «ይቅርታ» ማለት ይቻላል፤ ውሉም ያስችለናል። ግን ያንን ካደረግን በዚያ መንገድ ላይ ዳግመኛ አዳራሻችንን የሚያምን አይኖርም፤ የሰውየውም ፊት ይጠቁራል። እንቢ አልኩ። «ሠርጉ እዚህ ነው የሚሆነው፣ ማንም አይቆምም» አልኩት። እንዴት እንደሚሆን ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

ጓሮውን አሰብኩ። የሰፈራችን እድር ትልቅ ድንኳን አለው፣ ለሠርግም ያከራያል። እኛ አራት መቶ ወንበር አለን፤ ሦስት መቶው ውስጥ፣ የቀረው መቶ ውጪ፣ ሁለት መቶ ከእድር ብንጨምር ይሞላል። ድምጽ ማጉያ በመስመር ወደ ጓሮ ማውጣት፣ ቡፌውንም ለሁለት ከፍሎ አንዱን ድንኳኑ ሥር መዘርጋት ነው። ሁሉንም በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳሁት።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ውጪ ያስቀመጥኩት እንግዳ ተጠራ አይባልም። ማንን ነው ውጪ የማደርገው? የገሱባዎቹን? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹን? የመረጥኩት ሁሉ ይቀየመኛል።»

እዚህ ላይ አፌ ከአእምሮዬ ቀደመ።

«ሙሽሮቹን ውጪ እናድርጋቸው።»

«ምን?»

«መድረኩን ወደ ድንኳኑ እናውጣ። ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ እርስዎም ጭምር ጓሮ ትቀመጣላችሁ። ሙሽራ ባለበት ቦታ ውጪ የሚባል የለም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ጣሪያ አለው፣ ድንኳን ሥር የተቀመጠው ሙሽራ አለው። ከአዳራሹ ወደ ጓሮ የሚያስወጡት ትልልቅ በሮች ይከፈታሉ፤ ሙሽሮቹ ከውስጥም ይታያሉ።»

ተነስቶ ወደ ጓሮው ወጣ። ሣሩ መሐል ቆሞ ወደ አዳራሹ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ወደ ጓሮው ተመለከተ። ነጋዴ ነው፣ ዕቃ ሳያገላብጥ አይገዛም። ሲመለስ እናቴን «እትዬ፣ ይቺ ልጅዎ ግትር ናት» አላት።

«በእኔ ወጥታ ነው» አለች እናቴ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የእድሩ ወንበሮች ሲራገፉ እናቴ በረድፎቹ መሐል ስትሄድ አየኋት። የእያንዳንዱን ወንበር መደገፊያ እየነካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ በወላይትኛ ትቆጥራለች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ቆጠርሽ እንዴ?»

«ወንበር ነው የቆጠርኩት» አለች በቁጣ። «ወንበር ቢቆጠር ምን ነውር አለው? ስድስት መቶ ሙሉ ነው። ከእኔ ጋር ስድስት መቶ አንድ።» ከቤት ያመጣቻትን፣ ዘወትር በር ላይ የምትቀመጥባትን የእንጨት ወንበር ማለቷ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ መንገዱ በመኪናና በባጃጅ ተጨናነቀ። መዘምራኑ በዝማሬ ሙሽሮቹን አጅበው አዳራሹን አልፈው ወደ ጓሮ ሲያወጧቸው፣ እንግዳው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ከዚያ ድንኳኑ ሥር ሙሽራዋ ስትቀመጥ ታየች። ወዲያው የድንኳኑ ወንበር ሰው የሚሻማበት ሆነ። የገሱባ ዘመዶች ሚኒባሱን እንዳቆሙ ሮጠው የፊተኛውን ረድፍ ያዙ፤ አዳራሽ ውስጥ ቀድመው የተቀመጡ አንዳንዶች ለምን ውስጥ እንዳደረግናቸው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ሳቄ መጣ። ሰውየው ከሙሽሮቹ ጎን ሆኖ ያልተቀመጠ ሰው ይፈልጋል፤ አንገቱ አላረፈም።

ምግብ ማንሳት ሊጀመር ሲል በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ደረሱ። ከጉኑኖ በእግርና በባጃጅ መጥተው ነው የዘገዩት፤ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ዙሪያውን አየሁ፤ ውስጥም ውጪም ባዶ ወንበር የለም። ሰውየውም ከሩቅ አያቸው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ከመቀመጫው ተነሳ።

ከእሱ በፊት ግን እናቴ ተነስታ ነበር። የእንጨት ወንበሯን በአንድ እጇ አንስታ፣ ሽማግሌውን በሌላው ይዛ፣ ድንኳኑ ሥር ከሙሽራዋ አባት ጎን አስቀመጠቻቸው። «የእርስዎ ቦታ ተይዞ ነበር» አለቻቸው። ሰውየው ዕንባውን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

እናቴ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች። ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እየነከረች «ስልክሽን አምጪ» አለችኝ። ከዋናው አዳራሽ ፎቶ ሥር የነበረውን አስጠፋችኝና ራሷ አስጻፈችኝ። እስከ ዛሬ ያለው ማስታወቂያ ያ ነው፤

«ውስጥ በጠረጴዛ ሦስት መቶ ወንበር። ጓሮ ድንኳን ሲተከል ሌላ ሦስት መቶ። ካርድ ከማሳተምዎ በፊት ያማክሩን፤ ልጅም ወንበር ይፈልጋል። አንድ ወንበር ደግሞ የባለአዳራሿ ነው፤ ሰው ከበዛ ትነሳለች።»