ለአፍ የማይመች ስም

ግሌንዳ ሃርስተንን ወደቡ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የሚያውቃት ሁሉ ደግሞ «ጭራ ቆራጯ» ነው የሚላት። በሰሜን ባሕር ዳርቻ ባለችው በዚያች ዝናባማ የእንግሊዝ ከተማ ተወልዳ፣ በታይፒስትነት ወደቡ ገብታ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት የወደቡን ደንብና የደህንነት መመሪያ ስታርም የኖረች ሴት ናት። ጭራ ያሏት ከሥራ ስሞች መጨረሻ ላይ «ማን» የሚለውን ስለምትቆርጥ ነው። እኛ ዘንድ «ማን» ጥያቄ ነው፤ እነሱ ዘንድ ወንድ ማለት ነው። ሴት ልጅ የሥራ ማስታወቂያ አንብባ የሥራው ስም ራሱ በሩን ሲዘጋባት ግሌንዳ አይታለች፤ እሷም በወጣትነቷ ተዘግቶባታል። ስለዚህ ቀልዱን ችላ ትቆርጥ ነበር።

«ግሌንዳ፣ ማንቸስተርንስ መቼ ነው የምትቆርጫት?» ይላታል የክሬን ነጂው ሌን ዶብሰን፣ በሻይ ሰዓት ሳንድዊቹን እያላመጠ።

«መጀመሪያ ያንተን ምላስ ልጨርስ።»

ሌን ይስቃል። ግን ግሌንዳ ያወጣችለትን ስም ሁሉ ሳያውቀው ይናገረዋል፤ የእጇ ጥበብም እዚህ ላይ ነው። «ማን»ን አውጥቶ ሰው ማለት የሆነውን «ፐርሰን» መስፋት የሰነፍ ሥራ ነው ትላለች፤ እንዲህ ያለውን ስም ሰው ለማሾፍ ካልሆነ አይጠራውም። እሷ መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚሠራ ትጠይቃለች። እሳት የሚዋጋው ፋየርማን ከግሱ ተነሥቶ ፋየርፋይተር ሆነ፤ ማንም አልተደናቀፈበትም። የጥበቃው ዋችማን በሰዉ አፍ ቀድሞ የነበረውን ጋርድ ወሰደ። የጭነት ቆጣሪው ታሊማን ክለርክ ሆነ። ምንም የማይገኝለት ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩን አፍርሳ፣ ስሙ ሳያስፈልግ እንዲነበብ አድርጋ ትጽፈዋለች። ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዲቀይር አትፈቅድም፤ እያንዳንዱን ቦታ በዓይኗ ታያለች። በመጨረሻም መስኮቱን ከፍታ ስሙን ወደ ነፋሱ ትጮኸዋለች። በአንድ ትንፋሽ ካልወጣ አይሆንም።

ከሁሉም የከበዳት ባንክስማን ነበር። ባንክስማን ማለት መሬት ላይ ወይም መርከቡ ሆድ ውስጥ ቆሞ፣ ጭነቱን ለማያየው የክሬን ነጂ በሬዲዮ ከፍ፣ ዝቅ፣ ቁም እያለ የሚመራ ነው። ነጂው የሚሰማው የእሱን ድምፅ ብቻ ነው፤ «ቁም»ን ብቻ ማንም ቢናገረው ይታዘዛል። ሁለት ክሬኖች በአንድ የሬዲዮ መስመር ስለሚሠሩ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ በስም ይጀምራል፦ «ባንክስማን ሁለት፣ ዝቅ።» ስሙ ከቀደመ ነጂው የማን ትእዛዝ እንደሆነ ያውቃል። ስሙ ከጠፋ ግን ሁለት ነጂ፣ አንድ ቃል።

ይህን ሥራ በወደቡ መጀመሪያ የያዘች ሴት የግሌንዳ የእህት ልጅ ታምዚን ነበረች። ግሌንዳ አልወለደችም፤ ታምዚንን የምትወዳት ግን እንደ ወላጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ልጅቷ ዓሣና ቺፕስ ይዛ ትመጣና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ትዘረጋለች።

«አክስቴ፣ ባንክስማን ቢሉኝ ምን ቸገረኝ? ስሙ አጭር ነው፤ ነፋስ አይበላውም።»

«አንቺን አይቸግርሽም፤ አንቺ ገብተሻል። በር ላይ ቆማ የምታነበውስ?»

«እሺ፣ ቀይሪው። ብቻ ረጅም እንዳታደርጊብኝ፣ እባክሽ።»

«መስኮቴን ታውቂው የለም?» አለች ግሌንዳ፣ እየሳቀች።

ግሌንዳ ስሙን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። በሌሎች ወደቦችና በግንባታ ቦታዎች ሰዉ የለመደው ቃል ነበር፤ ሲግናለር፣ ምልክት ሰጪ ማለት ነው። ከመስኮቱ ጮኸችው፤ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ስብሰባው ላይ ግን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ኦሊቨር ፔንዝ ራሱን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሴቶች እንዲቀጠሩ ከልቡ የሚፈልግ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ ጎልማሳ ነው። «የወደቡ ባቡር ሲግናለር አለው፤ ይምታታል» አለ። ግሌንዳ «ክሬን ሲግናለር እንበለው» አለች። ከውጭ የመጡት አማካሪዎች ግን ሥራውን «የሚያከብር» ስም አዘጋጅተው ነበር፤ «የጭነት እንቅስቃሴ አስተባባሪ» ይላል። በእንግሊዝኛውማ ከዚህም ይብሳል፤ ምላስ መሀሉ ላይ ይሰናከላል።

«ይሄ በሬዲዮ አይባልም፣ ኦሊቨር።»

«ይለመዳል። ሰው የማይለምደው ነገር አለ?»

«አይለመድም፤ ይዘለላል እንጂ።»

«ግሌንዳ፣ ስሙ እኮ የሥራ ሰደርያዎቹ ላይ ታትሟል። ሦስት መስመር ነው፣ ደግሞ ያምራል። አንቺ ቋንቋው ግልጽ ነው ብለሽ ፈርሚ፤ ካልተመቸ በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።»

ግልጽ ነበር። ወረቀት ላይ ከዚያ የበለጠ ግልጽ ስም የለም። ግሌንዳ ብዙ ቃል ያዳነች፣ ብዙ ስብሰባ የተሸነፈች፣ በዚያን ቀንም የደከማት ሴት ነበረች። መስኮቷን ሳትከፍት ፈረመች።

ስሙ በወጣ በጥቂት ሳምንት የሥራ ማስታወቂያው ሲለጠፍ ሴቶች አመለከቱ። ጆዲ የምትባል፣ ደፋርና ጎበዝ ልጅ ተቀጠረች። ይህም መልካም ነገር መሆኑ መካድ የለበትም፤ ግሌንዳም ደስ አላት፤ ፔንዝም «አላልኩሽም?» አላት።

ግሌንዳ ቢሮ መስኮቱ ሥር ትንሽ ሬዲዮ አለች፤ የወደቡን ንግግር ታሰማለች እንጂ ድምፅ አታስተላልፍም። ግሌንዳ እየሠራች ትሰማታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዉ እንደ ተማሪ ሙሉውን ስም ይል ነበር፤ ስሙ ሳያልቅ ጭነቱ ይወዛወዛል፣ ነጂው «ጨርስ እንጂ!» ይላል። ከዚያ «አስተባባሪ ሁለት» ሆነ። ከዚያ የቃሉ መጀመሪያ ብቻ ቀረ፤ «አስተ ሁለት»። ከዚያ ደግሞ አንድ ሐሙስ ጧት «ሁለት፣ ዝቅ» ሲባል ሰማች፤ ከሰዓት በኋላ «ዝቅ» ብቻ። ስሙ በዓይኗ ፊት እንደ ሳሙና አለቀ። አሮጌው ቃል እንዳይባል ተከልክሏል፤ አዲሱን የሚለው የለም፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ቀረ።

ወደ ፔንዝ ቢሮ ወጣች። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ኦሊቨር። ስም እየጠሩ አይደለም።»

«የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው እሱ። ማስታወሻ እልካለሁ።»

«ማስታወሻ አፍ አያሳጥርም!»

ማስታወሻው ተላከ፤ ሙሉ ስሙ በደማቁ ተጽፎበት። በዚያ ዓርብ ታምዚን ስትመጣ ግሌንዳ ያዘቻት።

«ስምሽን ትጠሪያለሽ በሬዲዮ?»

«የቱን? ሰደርያዬ ላይ ያለውን መዝሙር?» ሳቀች ልጅቷ። «አክስቴ፣ ሌን ድምፄን ያውቀዋል። ሴት ከተናገረች ታምዚን ናት፣ በቃ።»

«አሁን እኮ ጆዲም አለች።»

«ጆዲ ክሬን አንድ ላይ አይደል የምትሠራው?»

ግሌንዳ ተጨማሪ መናገር ፈልጋ ተወችው፤ ልጅቷ ደክሟት ቺፕሱን በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ብርድ ልብስ አልብሳት፣ መብራቱን ሳታጠፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ፈራች። ፍርሃቷን ለማን እንደምትነግር አላወቀችም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው።

የኅዳር ጉም ወደቡን የሸፈነው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነበር። ከመስኮቱ የክሬኖቹ ጫፍ እንኳ አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነበር። ታምዚን መርከቡ ሆድ ውስጥ ነበረች፤ ሌን የሚነዳው ክሬን ሁለት የብረት ሰሌዳ አንጠልጥሎ ከላይዋ ቆሟል። ጆዲ ከዳርቻው ማዶ ክሬን አንድን ትመራለች። ታምዚን ከብረቱ ሥር የሚነጠፈው ግንድ ተንሸራትቶ አየችና «ቁም» አለች። ሌን ቆመ። እሷም ግንዱን ልታስተካክል ጎንበስ አለች፤ ጭነቱ ሥር መግባት አልነበረባትም፤ ግን ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል።

ግሌንዳ የሰማችው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ቀጭን፣ የሴት ድምፅ፣ ጉምና ኮሽታ የተቀላቀለበት።

«ዝቅ። ቀስ እያልክ ዝቅ።»

ስም የለውም። ግሌንዳ ከወንበሯ ተነሣች። ድምፁ የታምዚን አይደለም፤ እሷ ያንን ድምፅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሌን ግን የሚያውቀው የሴት መሆኑን ብቻ ነው። «ቁም!» ብላ ጮኸች፣ ትንሿን ሬዲዮ በሁለት እጇ ይዛ፤ ሬዲዮዋ አትናገርም። መስኮቱን በርግዳ ወደ ጉሙ ጮኸች። ደጋግማ ጮኸች። ከዚያ የወንድ ድምፅ በሬዲዮው «ቁም! ቁም! ኧረ ቁሙ!» ሲል ሰማች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም።

የታምዚን ሞት ምርመራ በጸደይ ላይ ተሰየመ። ፍርድ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ሸንጎ፣ መርማሪው ዳኛ፣ የወደቡ ጠበቃ፣ ከወደ ኋላ ሌን። ሌን ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል፤ ክሬን ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ጆዲ ቀደም ሲል መስክራ እያለቀሰች ወጥታለች። የታምዚን እናት ሂላሪ፣ የግሌንዳ ታናሽ እህት፣ ከፊት ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ እህትማማቾቹ በየእሑዱ አብረው መቃብር ይሄዳሉ፤ ግሌንዳ ፊርማው የራሷ መሆኑን ሁሌ ልትነግራት ታስብና አበባውን አስተካክላ ትመለሳለች።

ግሌንዳ ለምስክርነት ተጠራች። ዳኛው በእርጋታ፣ «ደንቡ እንደሚያዘው ትእዛዙን ይንገሩን፤ በሬዲዮ እንደሚባለው» አሏት።

«የጭነት እንቅስቃሴ አስተባባሪ ሁለት፣ ለክሬን ሁለት፣ ዝቅ» አለች።

ሸንጎው ውስጥ የነበረ አንድ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ።

«ስሙ ወንድን ብቻ የሚጠራ ስለነበረ ነው የተቀየረው፤ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት። መቀየርም ነበረበት።»

«ቋንቋውን ያጸደቁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

በእንግሊዝ ሕግ የሟች ቤተሰብ ምስክርን መጠየቅ ይችላል። ሂላሪ እጇን አነሣች፤ ዳኛው ፈቀዱላት። ቆመች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ጠበቆቿ የጻፉላትን ጥያቄ አላየችም።

«ግሌንዳ፣ ሌላ ስም አልነበረም? አጭር?»

«ነበር።»

«ምን የሚል?»

«ሲግናለር።»

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ በቀላሉ፣ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሁሉም ሰማው።

«እሱን ያኔ ስትፈርሚ ታውቂው ነበር?»

ግሌንዳ እህቷን አየቻት። የወደቡ ጠበቃ ሊነሣ ሞከረ፤ ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት።

«አውቀው ነበር፣ ሂል። ተከራክሬበታለሁ።»

«ተከራክረሽ ፈረምሽ።»

«አዎ።»

ሂላሪ ሌላ ጥያቄ የለኝም አለች። ግሌንዳ ከምስክር መቆሚያው ወርዳ ወደ ቦታዋ፣ እህቷ አጠገብ ወዳለው ወንበር ሄደች። ሂላሪ ወንበሩ ላይ የነበረውን ኮቷን አላነሣችላትም።